ያለ ፍየል ጠባቂው የሚነገር የቡና ታሪክ

ቡና ያገኘው ፍየል ጠባቂ በኅትመት ብቅ ያለው ከኢትዮጵያ ርቆ፣ ሮም ውስጥ ነው። በ1671 ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ መምህር ስለ ቡና አንድ አነስተኛ የላቲን ጽሑፍ አሳተመ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጠባቂ ከብቶቹ ሌሊቱን ሲዘሉ እንዳደሩ ለገዳም ሰዎች ያወራል። ጠባቂው የፍየል ይሁን የግመል ደራሲው ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ቦታውም ከፋ ሳይሆን የመን ነው። ስሙም፣ የኢትዮጵያ ተራራም በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ይህ ተረት ዛሬ ከአዲስ አበባ በሚላከው ቡና ላይ ተደጋግሞ ይታተማል። ሃምቡርግ ወይም ሲያትል ያለ ገዢ በአንድ ወር ውስጥ ከብዙ ሻጮች ያነበዋል፤ አንድም ጥያቄው ግን አይመለስለትም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ቡናው የተፈለፈለው የት ጣቢያ እንደሆነ፣ መቼ እንደደረቀ፣ ከዚያ እስከ እሱ መጋዘን ስንት እጅ እንዳለፈ ነው። የራሱን ቡና ቆልቶ ወደ ውጭ መላክ የሚፈልግ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስለ መነሻው ሲጽፍ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው መረጃ ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደጠፋ ለማየት ይርጋጨፌን እንከተል።

ይርጋጨፌ በጌዴኦ ዞን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ቡና በሰፋፊ እርሻ የሚለማ አይደለም፤ ከቤቱ ጓሮ እየተነሣ ከእንሰቱ ጋር ተሰባጥሮ፣ በዋንዛና በሌሎች የጥላ ዛፎች ሥር ይበቅላል። የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር አይሞላም። የዚህ አካባቢ ቡና በውጭ ቀማሾች ዘንድ ስም ያተረፈው በእጥበት ከተሠራ በኋላ ነው። ቀድሞ ገበሬው ፍሬውን እንዳለ አድርቆ በጀንፈል ይሸጥ ነበር። የመፈልፈያ ጣቢያዎች ሲቋቋሙ ግን እሸቱን በለቀመበት ቀን ማስረከብ ጀመረ፤ የአበባና የሎሚ ጠረን አለው እየተባለ የሚነገርለት ጣዕምም በግልጽ መውጣት ያዘ።

በደርግ ዘመን ይህ ስም ለገበሬው የፈየደለት ነገር አልነበረም። አብዛኛውን የወጪ ንግድ የመንግሥቱ የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ይዞት ነበር፤ ዋጋው ከላይ ተቆርጦ ይመጣል። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ቢሆኑ የመንግሥት ኮታ መሰብሰቢያ እንጂ የገበሬው ንብረት ተደርገው አልታዩም። ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙዎቹ የተዘረፉትና የፈረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከአንድ ማኅበር ጽሑፍ ላይ «ከጥንት ጀምሮ በአንድነት የሚሠሩ ገበሬዎች» የሚል ሐረግ ሳነብ ይህን ዘመን አስታውሳለሁ። ሰዎቹ በአንድነት ለመሥራት ያመነቱ ነበር፤ ለማመንታትም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

የዓለም ገበያም በዚያው ሰሞን ተናጋ። አገሮች የሚልኩትን መጠን የሚወስነው የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ በ1989 ቀረ፤ ዋጋውም ወረደ። እስከ 2001 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ50 ሳንቲም በታች ደረሰ። በዚህ ዋጋ ለለቃሚ ከፍሎ የሚተርፈው ገበሬ ጥቂት ነበር። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ብዙ ነው።

የዛሬዎቹ ዩኒየኖች የተወለዱት በዚህ መሐል ነው። በ1998 የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበሩን የአባላቱ ንብረት አደረገው፤ መሠረታዊ ማኅበራት ተሰብስበው ዩኒየን እንዲያቋቁሙም ፈቀደ። በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በታደሰ መስቀላ ሥራ አስኪያጅነት ተመሠረተ፤ በ2001 የሲዳማው፣ በ2002 ደግሞ የይርጋጨፌው ተከተለ። ኮንጋን፣ አራሞንና ኢዲዶን የመሰሉ መሠረታዊ ማኅበራት በይርጋጨፌው ዩኒየን ሥር ገቡ። ዩኒየኖቹ ያገኙት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ቡናቸውን በአዲስ አበባ ጨረታ ሳያሳልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው መንገድ ሰብሳቢው ከገበሬው፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው፣ ላኪው ከጨረታው እየገዛ ስለሚሄድ፣ ጆንያው ወደብ ሲደርስ የሚናገረው የአውራጃውን ስምና ደረጃውን ብቻ ነበር። አሁን ግን ከኮንጋ የመጣው ቡና ኮንጋ ተብሎ መርከብ ላይ ሊጫን ቻለ።

ስሙ ዋጋ እንዳለው የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ስታርባክስ በ2004 ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የምርት ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በመጋቢት 2005 የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ሦስት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋልና የማንም ንብረት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነበር ክርክሩ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ ሲዳሞና ሐረር ብዙ ከታሹ በኋላ ነው የተሳካላቸው። በዚያው ዓመት «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ታደሰ መስቀላን ይዞ በየአገሩ ታየ፤ ኦክስፋምም በስታርባክስ ላይ ዘመቻ ከፈተ። በሰኔ 2007 ኩባንያውና ኢትዮጵያ ስምምነት ፈረሙ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። ስታርባክስ ይሻላል ያለው የቦታ ምስክር ወረቀትን ነበር፤ ይኸውም አንድ አካል እየተቆጣጠረ «ይህ በእርግጥ ከይርጋጨፌ ነው» የሚልበት አሠራር ነው። ኢትዮጵያ እምቢ ያለችው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጭ ማሳዎችን እየዞረ የሚያረጋግጥ አካል ለማቆም አቅሙም ገንዘቡም ስላልነበረ ነው። የንግድ ምልክት ይህን አይጠይቅም፤ ስሙን የሚጠቀም ከባለቤቱ ፈቃድ ይውሰድ ይላል እንጂ። ፈቃዱም ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ውሳኔው ብልህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግን አንድ ክፍተት ትቷል። ስሙ በሕግ ተጠበቀ፤ በዚያ ስም ጆንያ ውስጥ የገባው ቡና ከዚያ ለመምጣቱ ግን ምልክቱ ማረጋገጫ አይደለም።

ክፍተቱ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በማግስቱ ታየ። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የተከለከሉ የተባይ መድኃኒቶች ቅሪት አገኘች። ጃፓን ከትልልቆቹ ገዢዎች አንዷ ስለነበረች ግዢው በእጅጉ ቀነሰ። በዋናነት የተጠረጠረው ቡናው ሳይሆን የታሸገበት ጆንያ ነበር። ጥፋቱ የአንድ መጋዘን ይሁን የአንድ ላኪ ለመለየት ወደ ኋላ የሚመራ ሰነድ ስላልነበረ ግን ጉዳቱ በአገሪቱ ቡና ሁሉ ላይ ወደቀ። ንጹሕ ጆንያ የተጠቀመው ገበሬም አብሮ ተቀጣ።

የሚያስገርመው በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መከፈቱና ቡናም ወደዚያ እንዲገባ መወሰኑ ነው። ምርት ገበያው ለገበሬው ያመጣው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኛል፣ ዋጋውም ለሁሉም በግልጽ ይታያል። ነገር ግን ግብይቱ የሚካሄደው በደረጃ ስለሆነ ከብዙ ጣቢያ የመጣ ቡና «ይርጋጨፌ ኤ» ወይም «ይርጋጨፌ ቢ» በሚል አንድ ስም ሥር መጋዘን ውስጥ ተቀላቀለ። የሚወደውን ጣቢያ በስም እየጠራ ይገዛ የነበረ የውጭ ቆይ በድንገት ቡናው ከየት እንደመጣ ማወቅ አቃተው። ከዚህ ሕግ ውጭ የቀሩት የራሳቸውን ምርት በቀጥታ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ዩኒየኖችና ትልልቅ እርሻዎች ነበሩ። ስለዚህ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የጣቢያ ስም የፈለገ ገዢ ሁሉ የዩኒየኖቹን በር አንኳኳ። ለመነሻ መዝገብ መያዝ ገበያ እንዳለው ማኅበራቱ በተግባር የተማሩት ያኔ ነው።

መዝገቡ ምን እንደሚመስል ለማየት በመኸር ወቅት፣ ከጥቅምት ወዲህ ባሉት ወራት፣ አንድ የጌዴኦ ጣቢያ ሲመሽ መገኘት ይበቃል። ገበሬው የለቀመውን እሸት በጆንያ ወይም በቅርጫት ተሸክሞ ይመጣል። አረንጓዴውና የበሰበሰው ተለቅሞ ይወጣል፤ ቀሪው ይመዘናል፤ ስሙና ኪሎው ካርኒ ላይ ይሰፍራል። እሸት ቡና ካደረ ስለሚቦካ መፈልፈያው የሚሠራው በዚያው ሌሊት ነው። ተፈልፍሎ የወጣው ፍሬ ዝልግልጉን እስኪለቅ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን፣ ብርድ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል። መድረሱን የሚለየው ሠራተኛ እጁን ገንዳው ውስጥ ሰዶ ፍሬውን ያሻል፤ የሚያንሸራትት ከሆነ ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። ካለፈበት መመለሻ የለውም። ጥቂት የገማ ፍሬ የአንድ ሙሉ ዙር ቅምሻ ያበላሻል፤ ቀማሹም ስኒውን ከማንሳቱ በፊት በሽታው ያውቀዋል።

ከዚያ በቦዩ ይታጠባል፣ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል፣ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ በመጨረሻም ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ፣ ማታ ደግሞ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። የእርጥበቱ መጠን 11 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይነሳል፤ ከ12 በላይ ሆኖ ከታሸገ በመርከብ ላይ ሊሻግት ይችላል። በአልጋው እግር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ካርድ የዙሩን ቁጥር፣ የገባበትን ቀንና ደረጃውን ትይዛለች። ቡናው ከአልጋው ሲነሣ ካርዷ አብራ ጆንያ ውስጥ ካልገባች ከዚያ በኋላ ስለ መነሻ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ጣቢያ በአንድ ማታ 6,000 ኪሎ እሸት ተቀበለ እንበል። ስድስት ኪሎ እሸት ወደ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ስለሚወርድ የሚተርፈው 1,000 ኪሎ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ በአማካይ 30 ኪሎ አምጥቶ ከሆነ በዚያ ገንዳ ውስጥ የ200 ሰው ቡና ተቀላቅሏል። ስለዚህ ብዙ የቡና ፓኬት ላይ የሚታየው የአንድ ፈገግ ያለ ገበሬ ፎቶግራፍ፣ በታጠበ የጌዴኦ ቡና ላይ ሲሆን እውነቱ ከሁለት መቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ሰውየው እውነተኛ ነው፤ ቡናውም አለበት፤ የእሱ ቡና ነው ማለት ግን አይቻልም። ማኅበሩ በልበ ሙሉነት ሊጽፈው የሚችለው ጣቢያውንና ቀኑን ነው፤ ከፈለገም ካርኒዎቹን ደምሮ በዚያ ማታ ስንት አባል እንዳስረከበ።

ደንቡ በ2017 ዞረ። በዚያ ዓመት የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ከዩኒየን ውጭ ያሉትም ቡናቸውን ማንነቱ ሳይጠፋ እንዲሸጡ መንገድ ከፈተ፤ የመፈልፈያ ጣቢያ ባለቤት ራሱ ላኪ ሊሆን ቻለ። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር ያሸነፈው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንድ ፓውንዱ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ይህ ዋጋ ለማንም ማኅበር የዕለት መነሻ ሊሆን አይችልም። ለዩኒየኖቹ ግን የምሥራቹን ያህል ፈተና ይዞ መጣ፤ የጣቢያ ስም መሸጥ የእነሱ ብቻ ዕድል መሆኑ ቀረ።

ቆልቶ የመላክ ሐሳብ ይበልጥ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ለምን ዘገየ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ አውሮፓ የተቆላ ቡና ላይ ቀረጥ ትጥላለች የሚል ነው። ይህ ለሌሎች አገሮች ይሠራ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ግን በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በተሰጠ ዕድል ከ2001 ጀምሮ የተቆላውንም ያለ ቀረጥ ማስገባት ትችላለች። ዋናው እንቅፋት ጊዜ ነው። ጥሬ ቡና በደንብ ከተያዘ ወራት ይቆያል። የተቆላ ቡና ግን ከምጣዱ እንደወጣ ጋዙን መልቀቅ ይጀምራል፤ ጋዙ ሲወጣ ኦክስጅን ይገባና ቅባቱን ያጎመዝዘዋል። ከአዲስ አበባ በጂቡቲ አድርጎ ሰሜን አውሮፓ ለመድረስ አንድ ወር አካባቢ ይፈጃል፤ ጉምሩኩና መጋዘኑ ሲጨመር ሸማቹ ፓኬቱን የሚከፍተው ሁለት ወር ቆይቶ ሊሆን ይችላል። መቆየቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የተፈጨው ላይ ሙቅ ውኃ ሲፈስ አረፋ ሠርቶ ካላበጠ ጊዜው አልፏል።

በዚህ ላይ የፓኬቱ ነገር አለ። ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ ቫልቭ ያለው ፓኬት ከውጭ ይገዛል፤ ለእሱም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ክብደቱም ይቀንሳል፤ ከላይ ያነሳነው 1,000 ኪሎ ሲቆላ 15 በመቶውን ቢያጣ 850 ኪሎ ይቀራል፤ በ250 ግራም ፓኬት 3,400 ይወጣል። ዋጋ ሲተመን የሚረሳው ይህ የጎደለው 150 ኪሎ ነው፤ ገዢው አያየውም፣ ማኅበሩ ግን ለገበሬው ከፍሎበታል።

አገር ውስጥ ያለው ገበያ ይህን ሥራ አላለማመደም። ለረጅም ጊዜ ለውጭ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዲሸጥ አይፈቀድም ነበር፤ እኛ የምንጠጣው ከውጭ ገበያ የተመለሰውን ነበር። ጥሩ ቡና ላይ እጁን ያፍታታ ቆይ በብዛት አለመውጣቱ አያስደንቅም። እናቶቻችን በብረት ምጣድ እየቆሉ እስኪጠቁር የሚያቆዩት በልማድ ብቻ አይመስለኝም፤ የቡናውም ጉድለት በጥቁረቱ ይሸፈናል። የታጠበ ይርጋጨፌ በዚያ መጠን ከተቆላ ግን የአበባው ጠረን ይቃጠልና ከማንኛውም ቡና ጋር አንድ ይሆናል። ለውጭ ገዢ የሚቆላ ማኅበር ቀለል አድርጎ፣ ቡናው መጀመሪያ ከተንጣጣ በኋላ ብዙም ሳያቆይ ማውጣት አለበት። ቀለል ያለ አቆላል ደግሞ ምንም አይደብቅም፤ ገንዳ ውስጥ ያለፈበት ፍሬ ካለ ስኒው ላይ ይታያል።

በ2023 የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ የተቆላውንም ቡና ይነካል፤ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ለትንንሽ ማሳዎች አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ያ በ2005 «አቅማችን አይፈቅድም» ተብሎ የተተወው ማሳ ለማሳ የመመዝገብ ሥራ ስለዚህ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ልዩነቱ አሁን ካርኒውን በአግባቡ ይዞ የቆየ ማኅበር ግማሹን መንገድ መሄዱ ነው፤ በዚያ ማታ ያስረከቡት ሁለት መቶ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ስለሚያውቅ የቀረው የየማሳቸውን ነጥብ መያዝ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ፓኬቱ ላይ ምን ይጻፍ ለሚለው፣ እኔ የምመርጠው አጭር ጽሑፍ ነው። የጣቢያው ስም፣ ቡናው አልጋ ላይ የወጣበትና የተነሳበት ቀን፣ የዙሩ ቁጥር፣ የተቆላበት ቀን፣ ከዚያም ያስረከቡት አባላት ቁጥርና ለአንድ ኪሎ እሸት የተከፈላቸው ብር። የመጨረሻውን መጻፍ ብዙ ማኅበር ይፈራል፤ ገዢው ግን እሱን ካየ በኋላ ነው ሌላውን የሚያምነው። የመቁያ ማሽኑን ለመሙላት የሁለት ጣቢያ ቡና ከተቀላቀለ የሁለቱም ስም ይጻፋል፤ ገዢው የአንዱን ብቻ እፈልጋለሁ ካለ እስከሚቀጥለው መኸር ይጠብቃል።